የሂሳብ ሠራተኛ ሥራ ሲለቅ፦ አጭር ደብዳቤ፣ ሙሉ ርክክብ

ጥያቄ፦ «ጤና ይስጥልኝ። በአንድ አስመጪ ድርጅት ውስጥ ከአምስት ዓመት በላይ በሂሳብ ሠራተኝነት ሠርቻለሁ። አሁን የተሻለ ደመወዝና የተሻለ የሥራ መደብ ያለው ቦታ አግኝቻለሁ። ሥራ አስኪያጃችን እንደ አባት ናቸው። ከዩኒቨርሲቲ እንደወጣሁ ልምድ ሳይጠይቁ የቀጠሩኝ እሳቸው ናቸው። ምስጋናዬ በደብዳቤው እንዲደርሳቸው እፈልጋለሁ፤ ግን ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስቱም ሁለት ሁለት ገጽ ሆኑብኝ። አጭር ሆኖ ምስጋና ያለው መልቀቂያ እንዴት ይጻፋል? የሂሳብ ሠራተኛ በመሆኔስ የተለየ የምጨምረው ነገር አለ?»

ምላሽ፦

እህቴ፣ ደብዳቤው ሁለት ገጽ የሆነብሽ ሦስት ነገሮችን በአንድ ወረቀት ላይ ልታሰፍሪ ስለሞከርሽ ይመስለኛል። አንዱ ለድርጅቱ የምትሰጪው ማስታወቂያ ነው። ሁለተኛው ለሰውየው ያለሽ ምስጋና ነው። ሦስተኛው ደግሞ በእጅሽ ያለው ገንዘብ፣ ሰነድና ያላለቀ ሥራ ነው። ሦስቱም የየራሳቸው ቦታ አላቸው። ማስታወቂያው ደብዳቤ ላይ ይሰፍራል። ምስጋናው ከአንድ ዓረፍተ ነገር በስተቀር በአፍ ይነገራል። ሥራው ደግሞ በርክክብ ሰነድ ላይ ይዘረዘራል። እንዲህ ከለየሻቸው ደብዳቤው ራሱ ያጥራል።

በመጀመሪያ ደብዳቤውን ላሳይሽ፣ ከዚያ ለምን እንዲህ እንደተጻፈ እነግርሻለሁ። ቀኖቹን ለምሳሌ ያህል ነው ያስገባሁት፤ አንቺ በራስሽ ቀን ትተኪያቸዋለሽ።

ኅዳር 5 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለ... ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር
ለሰው ኃይል አስተዳደር ክፍል
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ ሥራ መልቀቄን ስለማሳወቅ

ከነሐሴ 1 ቀን 2012 ዓ.ም. ጀምሮ በድርጅቱ በሂሳብ ሠራተኝነት ሳገለግል ቆይቻለሁ። አሁን የተሻለ የሥራ ዕድል ስላገኘሁ በሕጉ መሠረት 30 ቀን ቀድሜ በማሳወቅ፣ ታኅሣሥ 7 ቀን 2018 ዓ.ም. የመጨረሻ የሥራ ቀኔ እንደሚሆን በአክብሮት እገልጻለሁ።

ድርጅቱ ያለ ሥራ ልምድ ተቀብሎኝ፣ ሰነድ ከመመዝገብ ተነሥቼ የዓመት ሂሳብ እስከ መዝጋት እንድደርስ ስላበቃኝ ከልብ አመሰግናለሁ።

በእጄ ያለውን ገንዘብ፣ ሰነድና ንብረት እስከ መጨረሻው የሥራ ቀኔ ድረስ ለሚመደበው ሠራተኛ በጽሑፍ አስረክባለሁ። የሥራ ልምድ ማስረጃዬና የሚገቡኝ ክፍያዎች በወቅቱ እንዲዘጋጁልኝ በትህትና እጠይቃለሁ።

ከሰላምታ ጋር
ስምና ፊርማ

ግልባጭ፦
ለዋና ሥራ አስኪያጅ
ለፋይናንስ ክፍል

ደብዳቤው ይኸው ነው። በኮምፒውተር ሲጻፍ የገጹን ግማሽ እንኳን አይሞላም።

አሁን አንድ ቃል ላይ ላቁምሽ። እኛ አገር «መልቀቂያ» የምንለው ሁለት ነገር ነው። አንደኛው ሠራተኛው «ልለቅ ነው» ብሎ የሚጽፈው ደብዳቤ ነው። ሁለተኛው ድርጅቱ «ከእኛ ጋር ጨርሷል፣ ዕዳ የለበትም» ብሎ የሚሰጠው ወረቀት ነው። አዲሱ ቀጣሪ «መልቀቂያ አምጪ» ሲልሽ የሚፈልገው ሁለተኛውን ነው። ሁለቱ ስለሚደባለቁ ብዙ ሰው ደብዳቤውን «መልቀቂያ እንዲሰጠኝ በትህትና እጠይቃለሁ» ብሎ ይጀምራል። ያኔ ማስታወቂያው ጥያቄ ይሆናል። ጥያቄ ደግሞ መልስ ይጠብቃል። «እንይልሽ፣ ሰው እስክናገኝ ታገሺ» ይባላል። አንቺም ፈቃድ የጠየቅሽ ስለሚመስልሽ ትጠብቂያለሽ። አዲሱ ቦታ ግን አይጠብቅሽም።

የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ 30 ቀን ቀድሞ በማሳወቅ ውሉን ማቋረጥ እንደሚችል ይደነግጋል። የአሠሪውን ይሁንታ አይጠይቅም። ስለዚህ መልቀቅሽን ታሳውቂያለሽ፣ ወረቀቶችሽን ትጠይቂያለሽ። ከላይ ባለው ደብዳቤ «እገልጻለሁ» እና «እጠይቃለሁ» የሚሉት ግሦች የተቀመጡበትን ቦታ ልብ በዪ። አክብሮቱ አልቀነሰም፣ ግን የመልቀቅሽ ጉዳይ ለውሳኔ አልቀረበም።

ይህ የሚሠራው አዋጁ ለሚሸፍነው ሠራተኛ ነው። የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሠራተኛ በሌላ ሕግ ነው የሚተዳደረው። በግል ድርጅት ውስጥም ቢሆን የመቅጠርና የማሰናበት ሥልጣን ያለው የፋይናንስ ኃላፊ «የሥራ መሪ» ይባላል፤ አዋጁ እሱን አይመለከተውም። አንቺ በጻፍሽው መሠረት የሂሳብ ሠራተኛ ስለሆንሽ ውስጥ ነሽ።

አዋጁ ማስታወቂያው በጽሑፍ እንዲሆን፣ ምክንያቱንና ውሉ የሚቋረጥበትን ቀን እንዲይዝ ይፈልጋል። «በግል ምክንያት» ብለው የሚጽፉ ብዙ ናቸው። እኔ አልወደውም። ግል ምክንያት ሲባል ሰው መጠርጠር ይጀምራል። ታማ ይሆን? ተጣልታ ይሆን? የሂሳብ ሠራተኛ ሲሆን ደግሞ ጥርጣሬው ወደ ካዝናው ይዞራል። «የተሻለ የሥራ ዕድል ስላገኘሁ» እውነት ነው፣ አጭር ነው፣ ማንንም አያስቀይምም። የአዲሱን ድርጅት ስም፣ ደመወዙን፣ የሥራ መደቡን አትጻፊ። ደመወዝ ከጻፍሽ ደብዳቤው የጭማሪ ድርድር ይመስላል። የአሁኑ ደመወዝሽ ማነሱንም አትጥቀሺ። ይህ ወረቀት በግል ማኅደርሽ ውስጥ ይቀመጣል፤ ከዓመታት በኋላ ስለ አንቺ የሚጠየቅ ሰው የሚያነበው እሱን ነው።

ቀኑን በተመለከተ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። 30 ቀኑ የሚቆጠረው ደብዳቤውን ከጻፍሽበት ቀን አይደለም። ለድርጅቱ ከሰጠሽበት ቀን ቀጥሎ ካለው የሥራ ቀን ነው። በምሳሌያችን ኅዳር 5 ዓርብ ነው። ድርጅቱ ከሰኞ እስከ ዓርብ የሚሠራ ከሆነ ቆጠራው ሰኞ ኅዳር 8 ይጀምራል። ከኅዳር 8 እስከ 30 ድረስ 23 ቀን ነው። የቀረው 7 ቀን ታኅሣሥ 7 ላይ ያልቃል፣ እሱም ማክሰኞ ነው። ቅዳሜና እሑድ ከመሐል አይወጡም። ዓርብ ዕለት ከዚያው ቀን ብትቆጥሪ ግን ታኅሣሥ 4 ይመጣልሽና በሦስት ቀን ታጎድያለሽ። ጊዜውን ሳያሟላ የሄደ ሠራተኛ ካሣ ሊጠየቅ ይችላል፤ ጣሪያው የ30 ቀን ደመወዝ ነው፣ የሚቆረጠውም ከቀሪ ክፍያሽ ላይ ነው። ስለዚህ «ከአንድ ወር በኋላ» ወይም «ከወሩ መጨረሻ» አትበዪ። ቀኑን ቁጠሪና ጻፊው። ለአዲሱ ቀጣሪሽም «ታኅሣሥ 8 እጀምራለሁ» ከማለትሽ በፊት ይህን ቁጥር ያዢ። ከተቻለ በመሐል አንድ ሳምንት አስቀሪ፣ ለምን እንደሆነ ከታች ይገባሻል።

ምስጋናው ላይ ልምጣ። ሁለት ገጽ የፈጀብሽ እሱ እንደሆነ ገምቻለሁ። «ድርጅቱ ላደረገልኝ መልካም ነገር ሁሉ ምስጋናዬ ከፍ ያለ ነው» የሚል ዓረፍተ ነገር ማንም ሰው ለማንም ድርጅት ሊጽፈው ይችላል፤ ስለዚህ ማንም አያስታውሰውም። ያንን ስሜት ለማጠንከር ብለሽ ሌላ ስትጨምሪ፣ ከዚያ ደግሞ ሌላ ስትጨምሪ ነው ገጹ የሚሞላው። መፍትሔው አንድ እውነተኛ ነገር መምረጥ ነው። ያለ ልምድ ተቀበሉሽ። ቫውቸር ስትመዘግቢ የነበርሽው ልጅ ዛሬ ዓመታዊ ሂሳብ ትዘጊያለሽ። ይህን ያየ ሥራ አስኪያጅ ስለማን እንደሚወራ ያውቃል። አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃዋል።

ይቅርታ ግን አትጠይቂ። «በመሄዴ ይቅርታ፣ አሳፍሬያችሁ ከሆነ» የሚል ነገር በእንዲህ ያለ ደብዳቤ ላይ ብዙ ጊዜ አያለሁ። ከጥሩ ልብ ነው የሚመጣው፣ ይገባኛል። ሆኖም የሂሳብ ሠራተኛ በመልቀቂያዋ ላይ ይቅርታ ስትጠይቅ፣ ታሪኩን የማያውቅ ኦዲተር ሲያነበው ምን ያስባል? ምስጋና ብቻ በቂ ነው።

ስለ አሰጣጡ። ደብዳቤውን ከማስገባትሽ በፊት ሥራ አስኪያጁን በአካል አግኝተሽ ንገሪያቸው። እንደ አባት ያሳደገሽ ሰው ዜናውን ከመዝገብ ቤት መስማት የለበትም። ጠዋት ላይ፣ ስብሰባ ሳይጀምሩ፣ አምስት ደቂቃ ጠይቂ። ምናልባት «ደመወዝ ልጨምርልሽ» ይሉሽ ይሆናል። መልስሽን አስቀድመሽ አስቢበት፤ እዚያ ቆመሽ አትወስኚ። ከዚያ ደብዳቤውን በሁለት ቅጂ ይዘሽ መዝገብ ቤት ውረጂ። አንዱን ታስገቢያለሽ። ሁለተኛው ላይ «ገቢ» የሚለው ማኅተም፣ የመዝገብ ቁጥሩ፣ ቀኑና የተቀባይዋ ፊርማ ይደረግልሻል። ማኅተሙ ላይ ያለውን ቀን እዚያው ቆመሽ አንብቢው። ማኅተሙ በየቀኑ በእጅ ነው የሚዞረው፤ ትናንት ላይ እንደቆመ የሚመታበት ጊዜ አለ። 30 ቀንሽ የሚቆጠረው ከዚያ ቀን ቀጥሎ ካለው የሥራ ቀን ነው።

ኢሜይል ብቻ ልከሽ አትቀመጪ። ኢሜይሉን ላኪ፣ ወረቀቱን ግን አስገቢ። ትንሽ ድርጅት ከሆነና መዝገብ ቤት ከሌለው ጸሐፊዋ «ተቀብያለሁ» ብላ ስሟን፣ ቀኑንና ፊርማዋን ቅጂሽ ላይ ታስፍርልሽ። አልቀበልም የሚል ካጋጠመሽ ምስክር ባለበት ቢሮው ውስጥ አስቀምጪ ወይም በአደራ ፖስታ ላኪ። ሕጉ ማስታወቂያው ለአሠሪው ወይም ለወኪሉ እንዲሰጥ አለዚያም ወደ ቢሮው እንዲደርስ ነው የሚለው።

አሁን የሂሳብ ሠራተኛ መሆንሽ ለውጥ የሚያመጣበት ቦታ ላይ ደረስን። ደብዳቤው ላይ «በጽሑፍ አስረክባለሁ» የምትለዋ ሐረግ ናት። የሌላ ክፍል ሠራተኛ ሲለቅ ኮምፒውተሩንና መታወቂያውን ይመልሳል። አንቺ የምትመልሽው የሌላ ሰው ገንዘብና የሌላ ሰው ማስረጃ ነው።

ከራሴ ልንገርሽ። ወጣት ሳለሁ ከአንድ የንግድ ድርጅት ስለቅ ርክክቡን በቃል ነበር ያደረግሁት። ተተኪዬ ጓደኛዬ ነበር። መሳቢያዎቹን ከፍቼ «ይኸ እዚህ ነው፣ ያ እዚያ ነው» አልኩት፣ ተቃቅፈን ተለያየን። ከሦስት ወር በኋላ ስልክ ተደወለልኝ። አንድ የሽያጭ ደረሰኝ ጥራዝ ጠፍቷል፣ መጨረሻ በእጅህ ነበር ተባልኩ። ጥራዙን ማስረከቤን እርግጠኛ ነበርኩ። የማሳየው ወረቀት ግን አልነበረኝም። ጥራዙ በመጨረሻ ከሌላ ቅርንጫፍ መጋዘን ተገኘ። እስኪገኝ ድረስ ግን በየሳምንቱ ቅዳሜን እዚያ ቢሮ ፋይል ስገለብጥ አሳልፌአለሁ። የሥራ ልምድ ወረቀቴም እስከዚያው ተይዞ ነበር።

ስለዚህ የርክክብ ሰነድ አዘጋጂ። ረጅም ይሁን፣ ግድ የለም። እዚህ ላይ ነው ሁለትም ሦስትም ገጽ የሚያስፈልገው። ከገንዘቡ ጀምሪ። ለጥቃቅን ወጪ የሚያዘው ፔቲ ካሽ በእጅሽ ካለ ሦስት ሰው ባለበት ይቆጠር፦ አንቺ፣ ተረካቢው፣ ከፋይናንስ ክፍል ደግሞ አንድ ታዛቢ። የተፈቀደው ገንዘብ 10,000 ብር ነው እንበል። ጠረጴዛው ላይ ዘርግታችሁ ስትቆጥሩ በካሽ 3,450 ብር ተገኘ። ያልተተካ የወጪ ቫውቸር ደምራችሁ 6,400 ብር ሆነ። ድምሩ 9,850 ነው። 150 ብር ጎድሏል። በዚህ ጊዜ ብዙ ሰው ከኪሱ 150 ብር አውጥቶ ቀላቅሎ «ሙሉ ነው» ብሎ ይፈርማል። እንዲህ አታድርጊ። ጉድለቱን በቆጠራው ወረቀት ላይ ጻፊ፣ ከዚያ ፈልጊ። አብዛኛውን ጊዜ ያልተመዘገበ የታክሲ ወይም የፎቶ ኮፒ ወጪ ሆኖ ይገኛል። ካልተገኘ በደረሰኝ ክፈዪው። የተጻፈ ጉድለትና የተከፈለበት ደረሰኝ ካለ ነገሩ ተዘጋ። በስውር የተሞላ ጉድለት ግን ቫውቸሩ ኋላ ሲገኝ ትርፍ ሆኖ ይወጣና ቆጠራው ሁሉ ይጠረጠራል።

ቀጥሎ ያልተወራረደ ገንዘብ ነው። ለመስክ ሥራ፣ ለጉምሩክ ጉዳይ፣ ለግዢ ተብሎ ወጥቶ ደረሰኙ ያልመጣ ሁሉ በስም፣ በቀንና በብር ይዘርዘር። አስመጪ ድርጅት ውስጥ ይህ ዝርዝር አጭር አይሆንም። የጉምሩክ ጉዳይ የሚያስፈጽመው ትራንዚተር ይዞት የሄደው ገንዘብ አንቺ ከሄድሽ በኋላ ባይወራረድ የመጀመሪያው ጥያቄ «ማን ሰጠው?» ነው። የሰነዱ መልስ መሆን ያለበት ማን እንዳዘዘና በየትኛው ቫውቸር እንደወጣ ነው።

ደረሰኞችን በተራ ቁጥር አስረክቢ። «አንድ ጥራዝ ደረሰኝ» ብሎ መጻፍ ምንም ማለት አይደለም። «ከቁጥር 1201 እስከ 1250 ያለው ጥራዝ፣ እስከ 1237 ተሠርቶበታል፣ ቀሪ 13 ቅጠል» ብለሽ ጻፊ። የተሰረዘ ደረሰኝ ካለ ሁሉም ቅጂዎቹ ከጥራዙ ጋር መያያዛቸውን አሳዪ። የቼክ ጥራዝም እንዲሁ ነው፤ ጉርዱን ከባንክ መግለጫው ጋር አመሳክረሽ ተፈርሞ ያልተሰጠ ቼክ ካለ ለብቻው መዝግቢ። የመጨረሻውን ወር የባንክ ማስታረቂያ ሠርተሽ ፈርመሽበት አያይዢ። በእኔ ዕይታ ከሁሉም ወረቀት የሚበልጠው እሱ ነው። አንቺ እስከሄድሽበት ድረስ መዝገቡና ባንኩ መስማማታቸውን የሚያሳይ ሌላ ነገር የለም።

የታክሱ ነገር ቀኑን በደንብ ያስተሳስራል። የአንድ ወር ማሳወቂያ በቀጣዩ ወር ውስጥ ነው የሚገባው። በምሳሌያችን የጥቅምት የተጨማሪ እሴት ታክስ፣ የደመወዝ ግብርና ጡረታ በማስታወቂያ ጊዜሽ ውስጥ ይወድቃሉ፤ አንቺ ታስገቢያለሽ። የኅዳሩ ግን እስከ ታኅሣሥ መጨረሻ ጊዜ አለው፣ አንቺ ደግሞ ታኅሣሥ 7 ትሄጃለሽ። የኅዳር ደመወዝ ሰነድ ተዘጋጅቶ፣ የግዢና ሽያጭ ዝርዝሩ ተሠርቶ፣ «ማሳወቂያው አልገባም፣ የሚያስገባው ተረካቢው ነው» ተብሎ በግልጽ ይጻፍ። ይህች አንዲት መስመር ከተረሳች ቅጣቱ ሲመጣ «የሂሳቧ ልጅ ሳታስገባ ሄደች» ይባላል።

የይለፍ ቃሎችን በወረቀት ጽፈሽ አትስጪ። እንደ ፒችትሪ ባለው የሂሳብ ፕሮግራም ላይ ለተረካቢው የራሱ መግቢያ ይከፈትለት፣ ያንቺ ይዘጋ። የታክስ ማሳወቂያ ገጹም ሆነ የባንኩ የኢንተርኔት አገልግሎት በስምሽ ወይም በስልክ ቁጥርሽ የተከፈተ ከሆነ ይቀየር። ባንክ ፈራሚ ከሆንሽ ድርጅቱ ፊርማሽ እንዲነሣ ለባንኩ ደብዳቤ ይጻፍ፣ አንድ ቅጂም ለራስሽ ያዢ። ካልሆነ በሌላ ድርጅት ሥራ ላይ ሆነሽ የማረጋገጫ ቁጥር ስልክሽ ላይ ይመጣል።

ሰነዱን በሦስት ቅጂ አድርጉ። አስረካቢ፣ ተረካቢና ታዛቢ በየገጹ ይፈርሙ። አንዱ ቅጂ ያንቺ ነው። ርክክቡን ለመጨረሻው ቀን አታሳድሪው። በሦስተኛው ሳምንት ጀምሪና የመጨረሻውን ሳምንት ለተረካቢው ጥያቄ ተዪለት። ሰው አልተመደበም ከተባልሽ ደግሞ አጭር ማስታወሻ ጽፈሽ እንዲመደብልሽ ጠይቂ፣ እሷንም በመዝገብ ቤት አስመቺ።

ይህ ሁሉ ከክፍያሽ ጋር ይያያዛል። ውሉ ከተቋረጠ በኋላ የሚገባሽ ገንዘብ በ7 የሥራ ቀናት ውስጥ መከፈል አለበት። በምሳሌያችን እስከ ሐሙስ ታኅሣሥ 16 ማለት ነው። ሆኖም ሠራተኛው በራሱ ጥፋት የተረከበውን ንብረት ሳይመልስ ወይም ሳያወራርድ ከዘገየ ጊዜው ሊራዘም እንደሚችል ሕጉ ራሱ ይፈቅዳል። ለሂሳብ ሠራተኛ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። የተፈረመ ርክክብ ካለሽ ግን ሊያራዝሙብሽ የሚችሉበት ምክንያት አይኖርም። በመሐል አንድ ሳምንት አስቀሪ ያልኩሽ ለዚህ ነው፤ ዕዳ እንደሌለብሽ የሚያሳየውን ክሊራንስ ተመላልሰሽ ለማስፈረም ቀን ያስፈልግሻል።

ምን ይከፈልሻል? የሠራሽባቸው የታኅሣሥ ቀናት ደመወዝ አለ። ያልወሰድሽው የዓመት ፈቃድ በገንዘብ ይታሰባል። ብዙ ሰው የማያውቀው ደግሞ አንቺን ይመለከታል፦ ቢያንስ አምስት ዓመት ያገለገለ ሠራተኛ በራሱ ፈቃድ ሲለቅም የሥራ ስንብት ክፍያ ያገኛል። ስሌቱ ለመጀመሪያው ዓመት የ30 ቀን ደመወዝ፣ ከዚያ በላይ ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት የዚያ አንድ ሦስተኛ ነው። ደመወዝሽ 24,000 ብር ነው እንበል። ለመጀመሪያው ዓመት 24,000። ለአራቱ ዓመታት በየዓመቱ 8,000፣ ድምሩ 32,000። ለቀሩት አራት ወራት በመጠኑ ሲታሰብ ወደ 2,700 ብር። በጠቅላላ ወደ 58,700 ብር ነው፣ ታክሱ ሳይነሣ።

አንድ ገደብ አለው። ድርጅቱ እንደ ኤሲሲኤ ያለ የሂሳብ ሙያ ሥልጠና ወይም ሌላ ሥልጠና ከፍሎልሽ «ይህን ያህል ዓመት አገለግላለሁ» ብለሽ ፈርመሽ ከሆነና ጊዜው ካላለቀ ይህን ክፍያ አታገኚም፤ የሥልጠናውን ወጪም ልትጠየቂ ትችያለሽ። ደብዳቤውን ከማስገባትሽ በፊት ያንን ውል ፈልገሽ አንብቢ። አምስት ዓመት ሊሞላት ጥቂት ሳምንት ሲቀራት መልቀቂያ ያስገባች ልጅ አውቃለሁ። ማንም አልነገራትም ነበር።

ይህን ስሌት ግን ደብዳቤው ላይ አታስገቢ። «የሚገቡኝ ክፍያዎች» የሚለው በቂ ነው። ምስጋና በተጻፈበት ገጽ ላይ የብር ቁጥር ሲገባ ምስጋናው ይደበዝዛል። ክፍያው ከዘገየ ያኔ በሌላ ወረቀት ትጠይቂያለሽ። የሥራ ልምድ ማስረጃው ደግሞ የሠራሽውን የሥራ ዓይነት፣ የአገልግሎት ዘመንሽንና ደመወዝሽን ይዞ ያለ ክፍያ ሊሰጥሽ ይገባል። ስትቀበይ ስምሽ ባንክ ላይና መታወቂያ ላይ እንዳለው መጻፉን እዪ፣ የጡረታ መለያ ቁጥርሽንም ለአዲሱ ቀጣሪ ያዢ። የአምስት ዓመቱ የጡረታ መዋጮሽ በእሱ ነው የሚቀጥለው።

እነዚያን ሦስት ጊዜ የጻፍሻቸውን ሁለት ሁለት ገጾች አትቅደጃቸው። ከሦስቱ ደስ የሚልሽን ምረጪና በእጅ ጽሑፍ ገልብጪው። ቀን፣ ቁጥር፣ «ጉዳዩ» የሚል አታድርጊበት። ርክክቡ ተፈርሞ ካለቀ በኋላ፣ በመጨረሻው ቀን ከሰዓት፣ በፖስታ አድርገሽ ለሥራ አስኪያጁ በእጃቸው ስጫቸው። ያ ወረቀት በመዝገብ ቤት አያልፍም፣ ማኅደር ውስጥም አይገባም። የእሳቸው ብቻ ነው።